ሕመሙ ከአጥንቱ ቀደመ

ሌሊት ስድስት ሰዓት አለፍ ብሎ ነበር። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያን ሰሞን ደግሞ አራት ቀን ጠፍቶ ነበር የሰነበተው። የቧንቧውን ድምፅ እንደሰማሁ ብድግ አልኩ። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ሞላሁ። ከዚያ ወደ ኩሽና ማስገባት ነበረብኝ። አንዱን ባለ 20 ሊትር በቀኝ እጄ አነሳሁ። ቀኙ ተያዘ። ሌላኛውን በግራው አነሳሁት።

ከብስክሌት ወድቄ ከደረቴ ወደ ግራ ትከሻዬ የሚሄደውን ቀጭን አጥንት ከሰበርኩ አምስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። የእጅ ማንገቻዬን ካወለቅኩ ስምንት ቀን። ሕመም አልነበረኝም። በፍጹም አልነበረኝም። ያንን ጀሪካን ለማንሳት የተማመንኩት በዚህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አያመኝም፣ ስለዚህ ድኛለሁ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ይህን «ስለዚህ» ብዙ አስቤበታለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

## አወዳደቄ

ጥቅምት ላይ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ መንገድ ዳር ጎርፍ ያመጣው አሸዋ ተኝቶ ይቆያል። ቅዳሜ ማለዳ ከአያት ወደ ሲኤምሲ ቁልቁል እየወረድኩ ወደ ግራ ስታጠፍ የፊት ጎማዬ አሸዋው ላይ ሸሸ። ብስክሌቱ ከስሬ ወጣ። እኔ በግራ ትከሻዬ ጫፍ አስፋልቱ ላይ አረፍኩ።

ብዙ ሰው ይህ አጥንት የሚሰበረው እጅ ዘርግተው ሲወድቁ ይመስለዋል። እንደዚያም ይሆናል። በብዛት ግን የሚሰብረው በቀጥታ ትከሻ ላይ ማረፍ ነው። ብስክሌተኛ ደግሞ መሪውን እንደያዘ ስለሚወድቅ እጁን ለመዘርጋት ጊዜ የለውም። ምቱ ከትከሻ ጫፍ ተነስቶ በዚያች ቀጭን አጥንት በኩል ወደ ደረት ይሄዳል። አጥንቷ እንደ ተጋደመ ኤስ ፊደል የተጠማዘዘች ናት። ብዙ ጊዜ የምትሰበረው መሐሏ ላይ ነው፤ ከአስር ስብራት ሰባት ስምንቱ እዚያ ነው።

ስነሳ ግራ እጄ ከቀኙ ይልቅ ወደ ታች ወርዶ ነበር። በቀኝ እጄ የግራ ክርኔን ደግፌ ቆምኩ። ማንም አላስተማረኝም፣ ሰውነቴ ራሱ ነው ያደረገው። አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነበር፤ አዩኝና «ልጄ፣ እንዳትለቀው» ብለው ነጠላቸውን ከላያቸው አወጡ። አጥፈው ከክርኔ ስር አሳልፈው አንገቴ ላይ ቋጠሩልኝ። ሐኪም ቤት እስክደርስ በዚያ ነጠላ ነው የሄድኩት። በኋላ ሐኪሙ አይቶ «ጎበዝ ናቸው፣ በትክክል ነው ያሰሩልህ» አለኝ።

## ጀሶ የለም

ራጁ ሲነሳ ስብራቱ መሐል ላይ ነው። ሐኪም ቤት ክላቪክል ይሏታል፤ እኔም ከዚህ በኋላ በዚሁ ስም ልጥራት። የውስጠኛው ቁራጭ ወደ ላይ ወጥቷል፣ የውጭኛው ወደ ታች ወርዷል። ሁለቱ ጫፎች ትንሽ ተደራርበው አጥንቷ በአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አጥራለች። ሐኪሙ እጄን ነካካ፣ ጣቶቼን አንቀሳቅስ አለኝ፣ የእጅ አንጓዬን ምት ቆጠረ፣ ሳንባዬን አዳመጠ። ከዚያ ሰማያዊ የጨርቅ ማንገቻ አስሮልኝ ወደ ቤት ላከኝ።

ይህ ለቤተሰብ አልተዋጠም። «ጀሶ እንኳን አላደረጉለትም?» የሚለውን ጥያቄ በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አላውቅም። እማዬ ፈራች። ለእሷ ስብራት ማለት ጀሶ ነው፣ ካልሆነም ወጌሻ ነው። «አጥንቱ እንዲህ ተደራርቦ ዝም ተብሎ ይሰደዳል እንዴ? የሚያውቁ ወጌሻ አሉ፣ ጎትተው ይመልሱልሃል» አለችኝ።

እማዬን አልፈርድባትም። ያደገችበት አገር ከአጥንት ሐኪም ይልቅ ወጌሻ የቀረበበት አገር ነው። ግን ለክላቪክል መጎተትም ማሸትም አይሆንም። ከአጥንቷ ስር፣ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ወደ እጅ የሚሄደው ትልቁ የደም ሥርና የነርቮቹ ጥቅል ያልፋሉ። ጠለቅ ብሎ ደግሞ የሳንባ ጫፍ አለ። የተሰበረ ሹል ጫፍ ይዞ እዚያ ቦታ ላይ መጫን አደጋ ነው። ጎትተው ቢያስተካክሉት እንኳን አይቆይም፤ ጡንቻው መልሶ ይስበዋል። ይህንን ለእማዬ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝ። በመጨረሻ «እሺ፣ ግን ሐኪሙን ሌላ ጊዜ አብሬህ ሄጄ ራሴ እጠይቀዋለሁ» አለች። ሄዳም ጠየቀችው።

ሐኪሙ የመለሰላት መልስ ለእኔም ትምህርት ነበር። «ማዘር፣ ጀሶ የሚሠራው ከስብራቱ በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ ሲይዝ ነው። እዚህ ከበላይ ያለው ደረት ነው። ደረትን በጀሶ አስሮ ማቆም አይቻልም፣ ሰው መተንፈስ አለበት።» በጀርባ በኩል ስምንት ቁጥር መስሎ የሚታሰር ማሰሪያም እንደነበረ ነገራት። ትከሻን ወደ ኋላ ይጎትታል። ሲወዳደር ግን አጥንቱን ከማንገቻ የተሻለ ቦታ ላይ አያቆየውም፤ ብብትን እየጨቆነ ያሳምማል። ስለዚህ ብዙ ቦታ ቀርቷል።

ኦፕሬሽንስ? እሱንም ጠየቀችው። አጥንቱ ቆዳ ከበሳ፣ ወይም ቆዳውን ወጥሮ ነጭ ካደረገው፣ እጅ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ጥያቄ የለውም አላት። ጫፎቹ ጨርሶ ተለያይተው አጥንቱ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ካጠረ ወይም ከተሰባበረ ደግሞ ከታካሚው ጋር ተነጋግሮ የሚወሰን ነው። በ2007 (እ.ኤ.አ.) በካናዳ የታተመ ጥናት ጫፎቻቸው ጨርሶ የተለያዩ ታካሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ተከታትሎ ነበር፤ በብረት ከታሰሩት ውስጥ ሳይገጥምላቸው የቀሩት በማንገቻ ከታከሙት ያነሱ ነበሩ። ብረቱም ግን የራሱ ጣጣ አለው፦ ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ከቆዳ ስር እየቆረቆረ መልሶ መውጣት የሚኖርበትም ጊዜ አለ። የእኔ ስብራት የማንገቻ ነበር።

## ማንገቻው የሚሸከመው

ማንገቻው አጥንቱን የሚይዝ ይመስለኝ ነበር። አይይዝም። የሚሸከመው እጅን ነው።

ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፣ ግን ነገሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነው ያለው። የአንድ ሰው እጅ ከትከሻ እስከ ጣት ሲመዘን ብዙ ኪሎ ነው። ያ ክብደት ከክላቪክል ውጭኛ ጫፍ ላይ ነው የተንጠለጠለው። አጥንቷ ስትሰበር የውጭኛው ቁራጭ ከእጅ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። የውስጠኛውን ደግሞ ከጆሮ ጀርባ የሚወርደው የአንገት ጡንቻ ወደ ላይ ይስበዋል። ማንገቻው ክብደቱን ከትከሻ ላይ አንስቶ አንገትና ጀርባ ላይ ያሳርፈዋል። ሁለቱ ጫፎች ይቀራረባሉ። የቀረውን ሰውነት ይሠራዋል።

እኔ የምሠራው ግንባታ ላይ ነው። ሶሌታ ሲሞላ ከስር የሚቆመው ድጋፍ ለአርማታው ጥንካሬ አይሰጠውም። ጥንካሬው ከራሱ ከአርማታው ነው የሚመጣው። ድጋፉ እስኪጠና ድረስ ክብደቱን ይይዝለታል። ማንገቻዬን እንደዚያ ማየት ከጀመርኩ በኋላ አስተሳሰሬም አደራረጌም ተለወጠ።

ለምሳሌ ክርኔ ማንገቻው ኪስ ውስጥ እስከ ጥጉ መግባት እንዳለበት ያኔ ነው የገባኝ። መጀመሪያ ሰሞን ወደ ፊት ሸርተት ይልና ክርኔ ከኪሱ ይወጣ ነበር። ክርን ከወጣ እጅ ይንጠለጠላል፣ እጅ ከተንጠለጠለ ማንገቻው ጌጥ ነው። መዳፍ ከክርን ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፣ አለዚያ ማታ ጣቶች ያብጣሉ። የእጅ አንጓም ጨርቁ ላይ ማረፍ አለበት፤ ጠርዙ ላይ ወድቆ ከቀረ ይደነዝዛል። ቋጠሮው ወይም ማሰሪያው አንገት አጥንት ላይ ካረፈ በሁለተኛው ቀን ራስ ምታት ያመጣል። እኔ ከስሩ የታጠፈ ፎጣ አደርግ ነበር።

ሌሊት ጠፍጣፋ ተኝቶ ማደር አልተቻለኝም። ሁለት ትራስ ከጀርባዬ፣ አንድ ትንሽ ትራስ ከግራ ክንዴ ኋላ አድርጌ ግማሽ ተቀምጬ ነው ሦስት ሳምንት ያደርኩት። የክንዱ ትራስ ትልቅ ነገር ነው፤ እሱ ከሌለ ክርን ወደ ኋላ ወድቆ ስብራቱን ይጎትታል። ልብስ ስለብስ መጀመሪያ የታመመው እጅ ይገባል፣ ሳወልቅ መጨረሻ ላይ እሱ ይወጣል። ብብቴን ለመታጠብ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ እጄ ራሱ እንዲንጠለጠል አደርጋለሁ። እጅን ወደ ጎን ማንሳት አያስፈልግም።

ሐኪሙ አንድ ነገር አጥብቆ አዞኝ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቀን አራት አምስት ጊዜ እጄን ከማንገቻው አውጥቼ ክርኔን ሙሉ በሙሉ እንድዘረጋና እንዳጥፍ፣ ጣቶቼን እንድጨብጥና እንድፈታ። ክንድን ከጎን ሳያርቁ ነው የሚሠራው። ይህን የማያደርግ ሰው አጥንቱ ሲድን ክርኑ ደርቆ ያገኘዋል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ደግሞ ጎንበስ ብዬ እጄን እንደ ግድግዳ ሰዓት ዘንግ ቀስ አድርጌ ማወዛወዝ ጀመርኩ። ከትከሻ ቁመት በላይ ማንሳት ግን እስከ ስድስተኛ ሳምንት ክልክል ነበር።

## ያቺ ጀሪካን

ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ሕመሙ ቀነሰ። በአራተኛው ጠፋ። ማንገቻውን ቤት ውስጥ ማውለቅ ጀመርኩ፣ ቀጥሎ ሥራ ቦታም አወለቅኩት። ጓደኞቼ «ዳንክ እኮ» አሉኝ። የጂም ጓደኛዬ «ቀላል ቀላል ብረት ጀምር፣ ጡንቻህ እንዳይጠፋ» አለኝ። እጄን ሳየው እውነትም ቀጥኖ ነበር። ያ ራሱ ልቤን ያስቸኩለው ነበር።

እንግዲህ ያ ሌሊት መጣ። ጀሪካኑን በግራ እጄ ከመሬት አነሳሁት። 20 ኪሎ ነው። አንድ እርምጃ ሄድኩ። ሁለተኛው ላይ ትከሻዬ ስር አንድ ነገር ተንሸራተተ። ድምፅ አልነበረውም። እርጥብ እንጨት በእጅ ሲታጠፍ እንደሚሰማው ያለ ስሜት ነው። ጀሪካኑን ለቀቅኩት። ውሃው ግቢውን ሞላው። ቀኝ እጄ ሳላዝዘው ሄዶ የግራ ክርኔን ደገፈ፣ ልክ እንደዚያ ቅዳሜ።

እማዬ ነቅታ ወጣች። አልጮኸችም። ነጠላዋን አውርዳ አሰረችልኝ።

ጠዋት ሐኪሙ ጋ ስደርስ ራጅ ከማዘዙ በፊት በሁለት ጣቱ አጥንቴን ከደረት ጀምሮ ወደ ትከሻ እየተጫነ ሄደ። መሐሉ ላይ ሲደርስ ዘለልኩ። «እዚህ ያምሃል። ትናንትም ብትጫነው ያምህ ነበር፣ አልተጫንከውም እንጂ» አለኝ። ከዚያ ክንዴን በአንድ እጁ ይዞ ቀስ አድርጎ አንቀሳቀሰ፣ ሌላኛው ጣቱ ስብራቱ ላይ እንዳለ። «ትንሽ ይንቀሳቀሳል» አለ።

ራጁ ላይ መስመሩ አሁንም በደንብ ይታያል። ዙሪያውን ስስ ደመና የመሰለ ነገር ከቦታል። ደግነቱ ቦታውን ብዙ አልለቀቀም። ሐኪሙ ደመናውን በእስክሪብቶ ጫፍ እያሳየኝ የነገረኝ ነገር ነው እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው።

አጥንት ሲሰበር መጀመሪያ ደም ይረጋበታል። በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ያ ቦታ ላይ ለስላሳ፣ እንደ ጆሮ ልም አጥንት ያለ ነገር ይበቅላል። ሁለቱን ጫፎች እንደ ሙጫ ያያይዛቸዋል። ጫፎቹ እርስ በርስ መፋተግ ሲያቆሙ ሕመሙ ይሄዳል። ያ ለስላሳ ነገር ግን ክብደት አይሸከምም። ወደ አጥንት የሚለወጠው ቀስ እያለ ነው፣ ለአዋቂ ሰው ከስድስት እስከ አስራ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ስለዚህ ሕመም በጠፋበትና አጥንት በጠናበት ቀን መካከል ብዙ ሳምንት ክፍተት አለ። «ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው» አለኝ።

የሰማሁት ነገር ለእኔ አዲስ መሆን አልነበረበትም። አርማታ በማግስቱ ይደርቃል። ትረግጠዋለህ፣ አይጎደጉድም። እጅህን ብታሳርፍበት ድንጋይ ነው። ግን በሰባተኛው ቀን ከታሰበው ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛውን ቢያገኝ ነው፤ ሙሉ ጥንካሬውን የምንለካው በ28ኛው ቀን ነው። ድጋፉን ቀድሞ የሚያነሳ ሠራተኛ ሳይ የምቆጣ ሰው ነኝ። የራሴን ድጋፍ ያነሳሁት ግን ላዩ ደርቋል ብዬ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት ያኔ ግቢዬ ውስጥ በፈሰሰው ውሃ አየሁት፤ እንደገና ሁለት ሳምንት ማንገቻ ታዘዘልኝ።

## ታዲያ መቼ?

ይህን ጥያቄ ለሐኪሙ ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። የሳምንት ቁጥር እንዲሰጠኝ ነበር የምፈልገው። ቁጥር ሰጠኝ፣ ግን ቁጥሩን ብቻ እንዳልከተል አስጠነቀቀኝ። እስከ ስድስተኛ ሳምንት ከሻይ ብርጭቆ የከበደ ነገር የለም። ከስድስት እስከ አስራ ሁለት ሳምንት የዕለት ተዕለት ቀላል ነገር ይቻላል። ከባድ ክብደት ከሦስት ወር በኋላ ነው። መውደቅና መጋጨት ያለበት ስፖርት ደግሞ ከዚያም ዘግየት ይላል። ልጆች ከዚህ በጣም ይፈጥናሉ። ብረት የገባለት ሰው መንገዱ ሌላ ነው፣ የራሱን ሐኪም ነው መጠየቅ ያለበት። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጥንቱ የመዘግየትም ያለመግጠምም ዕድሉ ከፍ ይላል፤ እኔን መጀመሪያ ቀን የጠየቀኝ ጥያቄ እሱ ነበር።

ቁጥሩ ሲደርስ ሦስት ነገር አብሮ መሟላት አለበት አለኝ። ሲጫኑት አለማመሙ የመጀመሪያው ነው። ይህን እኔም በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት በሁለት ጣቴ እያየሁ ነበር፣ እየገፋሁ ሳይሆን በለሆሳስ እየተጫንኩ። ሁለተኛው እጅን ወደ ላይ፣ ወደ ጎንና ወደ ጀርባ እንደ ጤነኛው እጅ ያለ ሕመም ማድረስ ነው። ሦስተኛው ራጅ ላይ ደመናው መስመሩን ተሻግሮ ከዳር እስከ ዳር ድልድይ ሆኖ መታየቱ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ብረት ማንሳት የለም።

ስምንተኛው ሳምንት ላይ ራጅ ተነሳሁ። ደመናው ነጥቷል፣ ግን በአንድ በኩል ክፍተት አለ። ስለዚህ ሳህን ማንሳት፣ ልብስ መስቀል፣ ጣቶቼን ግድግዳ ላይ እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ማስኬድ ብቻ። አስረኛው ላይ ፊዚዮቴራፒስቷ ግድግዳ ላይ ቆሞ የሚሠራ ፑሽ አፕ አስጀመረችኝ። ከግድግዳው አንድ እርምጃ ብቻ ርቄ፣ አሥር ጊዜ። የሰውነት ክብደቴ አብዛኛው እግሬ ላይ ነው፣ ለትከሻዬ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ያንን አሥር ጊዜ ስሠራ የተሰማኝ ደስታ ከዚህ በፊት የትኛውም ከባድ ብረት አልሰጠኝም።

አስራ አራተኛው ሳምንት ላይ ሦስቱም ተሟሉ። የጀመርኩት በ2 ኪሎ ዳምቤል ነው። ሁለት ዙር፣ በዙር አስራ አምስት ጊዜ፣ ክርኔን ከጎኔ ሳላርቅ። የምጨምረው በየሳምንቱ አንድ ኪሎ ያህል ነበር። የመጨመር ፈቃድ የሚሰጠኝ ግን በማግስቱ ያለው ጠዋት ነው። በሥራው ጊዜ ምንም ባይሰማኝ እንኳን፣ ጠዋት ስነሳ ስብራቱ ቦታ ላይ የማመም ስሜት ካለ በነበርኩበት እቆያለሁ። የጡንቻ ድካም ሰፋ ያለ ነው፣ ክንድና ደረት ላይ ይሰማል። የአጥንቱ ግን በአንድ ጣት የምታሳየው ቦታ ላይ ነው። ሁለቱን መለየት ጥቂት ቀን ይወስዳል፣ ከዚያ አይምታታም።

ባርቤል የነካሁት በሃያኛው ሳምንት ነው፣ ባዶውን፣ 20 ኪሎ። ቤንች ላይ ስተኛ ደረቴ ላይ የተጠቀለለ ፎጣ አደረግኩ። ብረቱ በጣም ዝቅ ሲል የደረት ጡንቻ ክላቪክሏን በኃይል ይጎትታታል፣ ፎጣው ያንን መጨረሻ ያስቀረዋል። መንጠልጠልን፣ ፑል አፕ የምንለውን፣ እስካሁን አልጀመርኩም። ብረት በፊት በኩል ትከሻ ላይ አስቀምጦ ቁጢጥ ማለትንም ትቼዋለሁ፣ ብረቱ በቀጥታ የሚያርፈው አጥንቷ ላይ ነው። የሥራ ቦርሳዬን ማንገቻ እንኳን ለረጅም ጊዜ በቀኝ ትከሻዬ ነበር የምይዘው።

ሦስት ወር አልፎም ሕመሙ ካልሄደ፣ እጅ ሲነሳ ቀጭ የሚል ነገር ካለ፣ ራጅ ላይ መስመሩ እንዳለ ከቀረ፣ አጥንቱ ሳይገጥም ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት ብቻ አይበቃም፣ ሐኪሙ እንደገና ማየት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ የእጅ መደንዘዝ፣ የጣት መቀዝቀዝ ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ያኑ ሰዓት ነው የሚኬደው።

## እብጠቷ

አጥንቴ መሐሉ ላይ እንደ ሽምብራ ከፍ ያለች እብጠት አለች። አትሄድም፣ በዓመታት ውስጥ ትንሽ ትቀንስ ይሆናል። ሰውነት ሁለቱን ጫፎች ለማገናኘት የሠራው ነገር ነው፣ ከሚያስፈልገው በላይ አድርጎ። ሸሚዝ ስለብስ በጨርቁ ውስጥ ትታያለች። እማዬ አንዳንዴ ሳታስበው እጇን ሰዳ ትነካታለች፣ ከዚያ ወደ ኩሽና ትሄዳለች።

ያን የመንገድ ዳር ነጠላ አጥበን አጥፈን አስቀምጠነዋል። ባለቤቷን አላወቅናቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ቤተ ክርስቲያን በኩል ሳልፍ ነጭ ለብሰው የሚወጡትን እናቶች አያለሁ፣ እሳቸውን አገኛለሁ ብዬ።

ባለፈው ሳምንት ማታ ውሃ መጣ። ጀሪካኖቹን ሞላሁ። ግራ እጄ የያዘችው ባለ 5 ሊትሯን ነበር። እማዬ በር ላይ ቆማ ኩሽና እስክገባ ድረስ ክርኔን ስታይ ነበር።